ስለገባ ብቻ ትክክል ነው ያለው ማነው?

እኔ የምለው፣ ኮምፒውተር የሚገጥሙ ሰዎች የኬዙ የፊት ገመዶች ላይ ሲደርሱ ምን ይነካቸዋል? ፕሮሰሰሩን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ያስቀምጣሉ። ራሙን ቀጭ እስኪል ይጫኑታል። ከኬዙ ፊት ለሚመጡት ለእነዚያ ቀጫጭን ገመዶች ግን ትዕግሥት የላቸውም። ክፍት ፒን ያዩበት ላይ ይሰኩና ክዳኑን ዘግተው «አለቀ» ይላሉ። ጣጣው የባለቤቱ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የእኔ፣ ምክንያቱም ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል።

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተሯን ይዛልኝ መጣች። አቧራው ይጸዳልኝ ብላ ሰጥታ ነበር። አቧራው ጸድቷል፣ እውነት ነው። ግን ከተመለሰ ወዲህ ትልቁን ቁልፍ ብትጫነው ብትጫነው አይነሳም። በአጋጣሚ በእስክሪብቶ ጫፍ የምትነካዋን ትንሿን የሪሴት ቁልፍ ስትጫን ነው የተነሳላት። ሲነሳም ማያው ላይ ጽሑፍ ያሳይና ጥቂት ቆይቶ ድርግም ይላል። ያጸዱላት ጋ መልሳ ወሰደችው። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አሏት። እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል? ገመዱን ያዛባው ሰው ራሱ ማዘርቦርድ ሊሸጥላት!

ማያው ላይ የሚመጣውን አንብበውት ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር። `USB Device Over Current Status Detected` ይላል። ከ15 ሰከንድ በኋላ ራሴን አጠፋለሁ ብሎም ያስጠነቅቃል። ይኼ ሞት አይደለም፤ ቦርዱ ራሱን እየተከላከለ ነው። አንድ የዩኤስቢ መስመር ላይ ከመጠን ያለፈ ከረንት እየሄደ ነው፣ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዩኤስቢ ነው።

ገመዱን ከግድግዳ ነቀልኩ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ፓወር ሳፕላዩ እስከተሰካ ድረስ ቦርዱ ላይ የተጠባባቂ 5 ቮልት አለ። ከዚያ የፊቱን የዩኤስቢ ሶኬት ከቦርዱ ላይ ብቻ አላቅቄ መልሼ አስነሳሁት። ማስጠንቀቂያው የለም፣ መጥፋትም የለም። ዊንዶውስ ገባ። «ተቃጥሏል» የተባለው ማዘርቦርድ እንግዲህ ይኸው ነው።

ቀጥሎ ባትሪ አብርቼ ፒኖቹን ሳይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የዩኤስቢ 2.0 ፒኖች በሁለት ረድፍ አምስት አምስት ሆነው ይቆማሉ፣ ጥጉ ላይ ግን አንዷ የለችም። ዘጠኝ ናቸው። ያቺ የጎደለችው ፒን ተሰብራ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። የገመዱ ሶኬት ላይም በዚያው ቦታ ቀዳዳው ተደፍኗል። ድፍኑ ከጎደለው ጋር ከተገናኘ ሶኬቱ ሳይገፋ ይገባል። ካልተገናኘ አይገባም፣ አለቀ። ሰውዬው ግን ገልብጦ ይዞት «እምቢ» ሲለው በአውራ ጣቱ ተጭኖታል። ድፍኑ ቀዳዳ ያረፈው 5 ቮልት የሚያወጣው ፒን ላይ ነው። ፒኑ ታጠፈና ጎረቤቱ ላይ ተደገፈ። ያ ጎረቤት የዳታ ፒን ነው፤ ሶኬቱ ተገልብጦ ስለገባ ግን ከኬዙ የግራውንድ ገመድ ጋር ተገናኝቷል። ስለዚህ 5 ቮልቱ በቀጥታ ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ቦርዱ ቢጮህ ይፈረድበታል?

ፒኗን በወረንጦ ቀስ ብዬ አቀናኋት። እንዲህ ያለ ፒን አንዴ ይቃናል፤ ደጋግመው ካጣመሙት ይሰበራል። ሶኬቱን በትክክለኛው አቅጣጫ ስመልሰው ከፊት ካሉት ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አንዱ ሠራ። ሌላው ፍላሽ ቢሰካበትም ዝም ነው። 5 ቮልት የዳታ መስመር ላይ ሲገባ ይኼን ሊያደርግ ይችላል፣ መስመሩም ወደ ማዘርቦርዱ ቺፕ ነው የሚሄደው። የቀዳዳውን ነገር እንግዲህ ይቅር ብለነዋል። ፍላሽ አልተሰካበትም እንጂ እሱም አብሮ በሄደ ነበር።

የድሮ ኬዞች ደግሞ ይብሳሉ። የዩኤስቢው ገመድ በአንድ ሶኬት ታስሮ አይመጣም፤ እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ነው። የዳታዎቹ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ቢለዋወጡ ፍላሹ አይታወቅም፣ ያን ያህል ነው። 5 ቮልቱና ግራውንዱ ከተለዋወጡ ግን ፍላሹ ይሞቃል፣ ከዚያ ይሞታል። በዚያ ላይ ያለውን ፋይል ማን ይመልሳል?

ወደ ቁልፎቹ እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ጥግ ላይ `F_PANEL` ወይም የሚመስል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላት ነው። እዚያ ላይ የፓወርና የሪሴት ሁለት ሁለት ፒኖች ጎን ለጎን ናቸው። እኛ ጋ የተደረገው ሁለቱን ማለዋወጥ ነው። ቁልፎቹ ራሳቸው ልዩነት የላቸውም፣ ሲጫኑ ሁለት ሽቦ ማገናኘት ነው ሥራቸው። ማን ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የተሰኩበት ፒን ነው። ለዚህ ነው ትንሿ ቁልፍ የምታስነሳው፣ ትልቁ ደግሞ ኮምፒውተሩ እየሠራ ከተጫነ ያልተቀመጠ ሥራ ይዞ ድንገት እንደ አዲስ የሚጀምረው። ሲቆለፍባችሁ አራት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ላጥፋው ብትሉም ይኸው ነው፣ አይጠፋም።

ቁልፉ ነው ወይስ ገመዱ ለማለት ቀላል መላ አለ። የፓወር ቁልፉን ቀጭን ገመድ ከቦርዱ ላይ ነቅሎ፣ እሱ የነበረባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ማነካካት። ከተነሳ ቦርዱ ጤነኛ ነው። ግን ሌላ ፒን እንዳትነኩ። የፓወርና የሪሴት ገመድ ቀኝና ግራ ቢገለበጥ ችግር የለውም። የመብራቶቹ ግን ፕላስና ማይነስ አላቸው፤ ከተገለበጡ አይበሩም፣ አይበላሹም። መብራት ካልበራ ገልብጣችሁ ሰኩት፣ ከዚህ በላይ አትጨነቁበት።

የቀረው የፊቱ ድምፅ ነበር። ኢርፎን ስትሰካ ኮምፒውተሩ አያየውም፤ ድምፁ ከኋላ ባለው ስፒከር መውጣቱን ይቀጥላል። ከዚያው ከኬዙ ገመድ ጫፍ ላይ ሁለት ሶኬት ተንጠልጥሏል፣ አንዱ `HD AUDIO`፣ አንዱ `AC'97` ይላል። የተሰካው ሁለተኛው ነው። ይኼ እ.ኤ.አ. የ1997 መደበኛ አሠራር ነው፤ HD Audio የተካው በ2004 ነው። ሁለቱም ሶኬቶች የሚገቡት እዚያው ፒን ላይ ስለሆነ ድፍኑ ቀዳዳ አያስጥልም። የድሮው ግን ኢርፎን መሰካቱን ለቦርዱ የሚናገረው ሽቦ የለውም። ሶኬቱን ቀየርኩት፣ ኢርፎኑ ወዲያው ታወቀ። የድምፁ ፒኖችም ዘጠኝ ናቸው፤ የጎደለችው ግን ጥግ ላይ ሳይሆን ከጥጉ አንድ ገባ ብላ ነው። ለዚህ ነው የዩኤስቢው ሶኬት ወደ ድምፁ፣ የድምፁም ወደ ዩኤስቢው የማይገባው። ካልተገፋ በቀር።

ባልደረባዬ ኮምፒውተሩን ያጸዳላት ሰው ጋ ደውላ ብትነግረው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ታዲያ ገብቶ ነበር እኮ!»