ውሃ የማይንጠባጠብበት ቱቦም አየር ያስገባል

«የመምጠጫ ቱቦው ደረቅ ነው፣ አንድም ጠብታ አይወርድም፤ ስለዚህ ፓምፑ ደክሟል፣ ትልቅ መግዛት አለብን።»

ይህ የተለመደ ስህተት ነው። ከውሃው በላይ የተተከለ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ሲሠራ በመምጠጫው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ስለሚያንስ፣ ቀዳዳው ውሃ አያወጣም፤ አየር ይስባል እንጂ። አየር የሞላው ፓምፕ ደግሞ፣ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ውሃ መሳብ አይችልም።

ጅማ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከወንዙ 4 ሜትር ከፍ ብሎ የተተከለ ፓምፕ ውሃው በየጥቂት ደቂቃው ይቋረጥበት ነበር። በመጀመሪያ ፓምፑን አጥፍተን በመሙያው ቀዳዳ እስከ አፉ ውሃ ሞላንና 15 ደቂቃ ጠበቅን። ውሃው ዝቅ ቢል ኖሮ ጥርጣሬው ውሃው ወደ ወንዙ እንዳይመለስ በሚያግደው፣ በቱቦው ታችኛ ጫፍ ባለው ፉት ቫልቭ ላይ ይወድቅ ነበር፤ አልወረደም። ይህ ፍተሻ ግን ፓምፑ አጠገብ ያለውን መጋጠሚያ አያጋልጥም፤ ከበላዩ የሚጫነው ውሃ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ አይንጠባጠብም፣ ፓምፑ ሲሠራ ግን መሳቡ የሚበረታው እዚያው ነው። ስለዚህ ፓምፑን አስነስተን መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጭቃ መረግናቸው (ከከተማ መሣሪያ ከማስመጣት ይቀላል)። ፓምፑ አጠገብ ያለው መጋጠሚያ፣ ማለትም ፍላንጁ፣ ሲመረግ ውሃው ሳይቆራረጥ መፍሰስ ጀመረ። በፍላንጁ መካከል ያለው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ስለነበር እሱን ብቻ ቀየርን። ፍላንጁ ሲመረግ ለውጥ ባይመጣ ኖሮ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የዘንጉ ማሸጊያ ይሆን ነበር።