የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲህ ይጻፋል እንጂ!

ወሎዬ ሳይመርቅ አይለይም። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምረው ወዳጃችንም ወጉን አላጓደለም። በትምህርት አመራር ማስተርሱን ሊማር ነው። አብሽር ብለነዋል።

የመልቀቂያ ደብዳቤው አንድ ገጽ ሙሉ ነው። «ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ» ይላል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ተመልሶ አይነሳም። ርዕሰ መምህሩ አባት፣ ምክትሉ ወንድም፣ ዘበኛው የግቢው ግርማ ሞገስ ተብለው ተመስግነዋል። አመራር ለአገር ያለው ፋይዳም በሁለት አንቀጽ ተተንትኗል። (ለዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ የጻፈው ሳይሆን አይቀርም። ብልህ ሰው አንዱን ጽሑፍ ሁለት ቦታ ያውለዋል።)

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል ይላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን ይላል እንጂ «አመስግን፣ አሞግስ» አይልም። ወዳጃችን ያልተጠየቀውን አትረፍርፎ ሰጠ። የተጠየቀውን 30 ቀን ግን «ከዛሬ ጀምሮ» በምትል አጭር ሐረግ ገላገለው።

ደብዳቤው የገባው ጥር 20 ነው፤ ምዝገባው ጥር 25። በአዋጁ ቢሄድ እስከ የካቲት 20 ክፍል መግባት ነበረበት። ቀድሞ ቢጽፍ ሁለቱም ይሞላ ነበር፤ ግን ይህን ቀን መቁጠሪያ ያየ ሰው ያስባል። ማስጠንቀቂያውን ዘሎ የሚሄድ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊከፍል ይችላል። ምን ችግር አለው? ፍቅር በገንዘብ አይለካም።

ቅጂው ላይ የገባበትን ቀንና ማህተም ማስመታትም አልፈለገም። ሰው አለማመን ይሆናላ! የ8ኛ «ለ» ማርክ ሊስት ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ የሴሚስተሩ ሮስተር እሱን ይጠብቃል፤ ላፕቶፑ ሰውዬውን ተከትሎ ሄዷል። የአመራር ትምህርቱን ከወዲሁ በተግባር ጀምሮታል ማለት ነው።

አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ደግሞ ለዚያው ትምህርት ስትለቅ የጻፈችውን ተመልከቱ፦ «የመጨረሻ የሥራ ቀኔ የካቲት 20 ነው። ማርክ ሊስቱን፣ የዓመቱን ዕቅድና የመምህሩን መምሪያ እስከዚያ በፊርማ አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» አለቀ! አባት የለ፣ ወንድም የለ። እንዲህ ያለች ደረቅ ሴት ነገ ትምህርት ቤት ትመራለች!

ደግነቱ ትምህርት ቤቱም ወዳጃችንን የሚመጥን ነው። አዋጁ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ይግለጽ ይላል። ለወዳጃችን የተሰጠው ወረቀት ታታሪነቱን፣ ሥነ ምግባሩንና ተግባቢነቱን ዘርዝሮ «ባለበት ይቅናው» ብሎ መርቆታል። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ግን አይናገርም።