«እይልኝ» ማለት «ቁጠርልኝ» አይደለም

«ሁለት የሰነድ ቅጂ ጭኖ ‹ምን እንደተቀየረ እይልኝ› ያለ ሰው የጠየቀው ለውጡን እንጂ አስተያየታችሁን አይደለም። ከእንግዲህ የማነጻጸሪያውን ውጤት ብቻ አያይዛችሁ ላኩ። ተጨማሪ ቢፈልግ ኖሮ ይጠይቅ ነበር።»

የማስታወሻው ጸሐፊ ስማቸው ይቆየን። በሰነድ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሰሞኑን ስንቀባበለው ከርመናል፤ ያጨበጨበም አልጠፋም። እኔን ያንገበገበኝ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ሰውየው በሁለተኛው ቅጂ ውስጥ ምን እንደገባ ቢያውቅ ኖሮ መጀመሪያውኑ ለምን ወደ እኛ ይልክ ነበር? ሐኪም ፊት የቀረበን ሰው «የበሽታህን ስም ንገረኝና እመረምርሃለሁ» እንደማለት ነው እኮ!

ቃሉንስ አዳምጠውታል? «ቁጠርልኝ» አላለም፤ «እይልኝ» ነው ያለው። ያቺ «ልኝ» እንዲያው አልተለጠፈችም። በእኔ ቦታ ሆነህ፣ እኔን የሚነካኝን ለይተህ ማለት ናት። ይህን ለመረዳት አማርኛ መናገር ይበቃል።

የገጠመኝን ላንሳ። የአገልግሎት ውል ነው፤ ሁለት ቅጂ፣ ከላዩ አንዲት መስመር መልእክት። በወርድ ፕሮግራም `Compare` የሚለውን አዘዝኩና 61 ለውጥ ቆጠረልኝ። ከእነዚህ 54ቱ ገለባ ናቸው። አንደኛው ጸሐፊ አራት ነጥብን በአንድ ምልክት (።) ሲያስቀምጥ፣ ሌላው ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመታ (፡፡) ሄዷል፤ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን ለየቅል። «ሥራ» የነበረው «ስራ» ሆኗል፣ ትርፍ ክፍት ቦታ ተሰርዟል፣ የመሳሰለው። አራቱ ቦታ የቀየሩ አንቀጾች ናቸው። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ስለ መላላኪያ አድራሻ የሚናገር አዲስ አንቀጽ 5፣ የአንድ ኃላፊ የሥራ መጠሪያ፣ እና ትርጓሜ ውስጥ የገባች «ቀን ማለት የሥራ ቀን ነው» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር።

በማስታወሻው መሠረት ሥራዬ እዚህ ላይ አለቀ። 61 ቀይና ሰማያዊ መስመር አያይዤ «ይኸው» ማለት ነው።

አሁን ያቺን አጭር ዓረፍተ ነገር እንከተላት። ክፍያው «የክፍያ መጠየቂያው በቀረበ በ30 ቀን ውስጥ» ይፈጸማል ይላል፣ በሁለቱም ቅጂ፣ በዚያው ፊደል። ማሽኑ እዚያ ጋ ዝም ብሏል፤ ልክም ነው፣ አንድም ፊደል አልተነካም። ነገር ግን በሳምንት አምስት የሥራ ቀን ካለ 30 የሥራ ቀን ስድስት ሳምንት ነው። በዓል ሳይገባበት 42 ቀን ማለት ነው። ገንዘቡን የሚጠብቀው ሰው 12 ቀን ተገፋ፤ የተገፋበት መስመር ላይ ግን ምንም ቀለም የለም።

የባሰው የአንቀጽ 5 ነገር ነው። ራሱ አንቀጹ ምንም ጉዳት የለበትም፤ ማስታወቂያ በየትኛው አድራሻ ይላክ ነው የሚለው። ሲገባ ግን ከኋላው ያሉትን ሁሉ በአንድ ቁጥር ገፋቸው። ቀድሞ 8 የነበረው ውል የማቋረጥ ድንጋጌ 9 ሆነ፤ ቀድሞ 9 የነበረው የምስጢር ጥበቃ 10 ሆነ። የአንቀጾቹን ተራ ቁጥር ፕሮግራሙ ራሱ ስለሚሰጥ ይህ ሁሉ ያለ ጣት ንክኪ ነው የሆነው። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ የኃላፊነት ድንጋጌ አለ፤ «አንቀጽ 9ን የጣሰ ወገን ኃላፊነቱ ጣሪያ የለውም» ይላል። እዚህ ያለው 9 በእጅ የተጻፈ ነውና የተገፉትን ቁጥሮች አልተከተለም። ትናንት ጣሪያ የሌለው ኃላፊነት የሚያመጣው ምስጢር ማውጣት ነበር፤ ዛሬ ውል ሲያቋርጡ ሥርዓቱን አለመጠበቅ ሆነ። ምስጢር ያወጣ ሰው ደግሞ እንደ ማንኛውም ጥፋተኛ ጣሪያው ሥር ገብቶ ተጠለለ። በውሉ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ከ61ዱ ውስጥ ግን የለም!

«ማሽን አይሳሳትም» የሚሉኝ አሉ። መች ተሳሳተ አልኩ? የተጠየቀውን መልሷል። የእነዚህ መሣሪያዎች አያት የሆነውን `diff` ጄምስ ሃንትና ዳግላስ ማኪልሮይ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጽሑፍ አስረድተውታል፤ ሐሳቡ ሁለቱ ፋይሎች በቅደም ተከተል የሚጋሩትን ረጅሙን ክፍል ፈልጎ የተረፈውን ማሳየት ነው። እንግዲህ የጋራ የሆነው ከመጀመሪያውም ከሪፖርቱ ውጭ ነው። የእኔ ሁለት ጥፋቶች የተቀመጡት ደግሞ እዚያው የጋራው ውስጥ ነው። የማሽኑን ዝርዝር መልስ አድርጎ መላክ፣ መሣሪያው ሆን ብሎ የማያየውን ቦታ «ታይቷል» ብሎ መፈረም ነው።

ማየቱስ ያን ያህል ከባድ ነው? አይደለም። ትርጓሜው ከተነካ ያንን ቃል በአዲሱ ቅጂ ውስጥ እየፈለጉ በተገኘበት ሁሉ ቆሞ ማንበብ ነው። አንቀጽ ከተጨመረ ወይም ከወጣ «አንቀጽ» የሚለውን ቃል ፈልጎ እያንዳንዱ ጥቅስ ድሮ ወዴት ይጠቁም እንደነበር፣ አሁን ወዴት እንደሚጠቁም ጎን ለጎን ማየት ነው። ለዚያ ውል አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የትኛው ቀዳሚ እንደሆነ መታወቅ አለበት። «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ 2» የሚሉ ስሞች ምስክር አይሆኑም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ቀንም ብዙ ጊዜ ፋይሉ የወረደበት ነው። የሰነዱ የውስጥ መረጃ ላይ የተመዘገበው የማሻሻያ ቀን ይሻላል፤ እሱም ካልለየ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነውር የለውም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የተጨመረው ተሰረዘ ይባላል፤ የእኔ ደንበኛ «ያቺ የሥራ ቀን የምትል ነገር ወጥታለች» ተብሎ ደስ ብሎት ይፈርም ነበር።

አንድ ነገር ለማስታወሻው ጸሐፊ እሰጣቸዋለሁ፦ ግምትን እንደ ለውጥ አድርጎ መጻፍ ጥፋት ነው። «ሆን ብለው ሸሸጉት» የሚል ቃል ከእኔ መልስ ውስጥ አይገኝም፤ ማን ለምን እንዳደረገው ሁለት ፋይል አይናገርም። ሙሉው ዝርዝርም ይያያዝ፣ ከታች። ከላይ ግን የሰው ንባብ ይቅደም።

የላክሁት መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ያለፈው ወር ቅጂ ቀዳሚ ነው ብዬ ይዣለሁ፤ ካልሆነ ንገሩኝ። ክፍያ ከ30 ቀን ወደ 30 የሥራ ቀን ሄዷል፤ የተቀየረው ትርጓሜው ላይ ነው። ጣሪያ የሌለው ኃላፊነት ከምስጢር ጥበቃ ተነሥቶ ውል ማቋረጥ ላይ ወድቋል፤ የቁጥር መገፋት ያመጣው ይመስላል፣ የድሮውንና የአዲሱን ቃል ከታች አስቀምጫለሁ። አራት አንቀጾች ቦታ ቀይረዋል፣ ቃላቸው ያው ነው። የቀረው አድራሻ፣ የኃላፊ መጠሪያ፣ ነጥብና ፊደል ነው። አባሪ 2 በሁለቱም ቅጂ የወረቀት ፎቶ ስለሆነ ማሽኑ አላነበበውም፤ በዓይኔ ያየሁት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው።»

ሰውየው በሩብ ሰዓት ውስጥ ደወለ። የጠየቀኝ ስለ አባሪ 2 ሁለተኛ ገጽ ነበር።