107 ፀጉሮች

ራሰ በራነት ባለቤቱ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ዜና ነው። አናቴ መሳሳቱን ከእኔ በፊት የደረሱበት በሰልፍ ከኋላዬ የሚቆሙ ሰዎች፣ ከበላዬ ሆነው ደረጃ የሚወርዱ የሥራ ባልደረቦቼና ፀጉር አስተካካዬ ናቸው። ፀጉር አስተካካዬ ጨዋ ሰው በመሆኑ፣ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ትንሿን መስታወት ከኋላዬ ይዞ ማጅራቴን ብቻ ያሳየኝ ነበር። አንድ ቀን እጁ ስቶ መስታወቷን አንድ ጣት ያህል ከፍ ሲያደርጋት፣ አምፖሉ የሚያብረቀርቅበት ክብ ነገር አየሁ። ከኋላዬ ሌላ ደንበኛ የተቀመጠ መስሎኝ ዞር ስል፣ ክቡም አብሮኝ ዞረ።

ጉዳዩ ከቤተሰብ ጆሮ ሲደርስ ወዲያው የዘር ችሎት ተቀመጠ። የእናቴ ወገኖች «ከአባቱ ነው» አሉ፤ የአባቴ ወገኖችም የሟች አጎቴን ፎቶግራፍ አውጥተው «ከእናቱ ነው» ሲሉ ፈረዱ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገኖች ተከሳሾች ናቸው፤ ከእናት የሚወረሰው አንዱ ዘረ መል ጎላ ያለ ድርሻ ቢኖረውም፣ ከሁለቱም በኩል የሚመጡ ሌሎች ብዙዎች አሉ። ሐሚልተን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳየው ደግሞ፣ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ አይሆኑም። ይህንን የመከላከያ ዘዴ ለዘመዶቼ ብነግራቸው ክርክሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ፀጉሬ የሚረግፍ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ትራስ ላይ የቀሩትን እንደ ገንዘብ ያዥ እየቆጠርኩ ነበር የምነሳው። ቆጠራው ከንቱ ነበር፤ ጤናማ ራስም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ያራግፋልና። በእኔ ላይ የደረሰው መኮሰስ ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደሚባል ብርቱ ሆርሞን ይለወጣል፤ ይህም በተፈጥሮ የሚነካቸውን የፀጉር ከረጢቶች ያሳንሳቸዋል። ቀድሞ ለዓመታት ያድግ የነበረው ፀጉር የዕድገት ዘመኑ ወደ ወራት ያጥራል፤ ወድቆ በተተካ ቁጥር ቀጥኖና አጥሮ ይመለሳል፤ በመጨረሻም እንደ ሕፃን ጉንጭ ጸጉር ለዓይን የማይሞላ ለስላሳ ነገር ይሆናል። ለማረጋገጥ የፈለገ ሰው ከአናቱ የወደቁ ጥቂት ፀጉሮችን በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ያኑራቸው፤ የእኔዎቹን ባኖራቸው አንዱ እንደ ስፌት ክር፣ ጎረቤቱ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር ነበር። ይህ የውፍረት ልዩነት ከማንኛውም ቆጠራ የበለጠ ይናገራል። ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ግን ከፀጉሩ ግማሽ ያህሉ ከሄደ በኋላ ስለሆነ፣ «ድንገት ተመለጥኩ» የሚል ሰው ዓመታት ዘግይቶ የሚናገር ሰው ነው።

መንገዱም የታወቀ ነው፦ በግንባር ሁለት ጥጎች ገባ ገባ ይላል፤ አናት ላይ ክብ ይከፈታል፤ ሁለቱ ከየአቅጣጫው መጥተው ይገናኛሉ፤ ሆርሞኑ ብዙም የማያስደነግጠው የጎንና የማጅራት ፀጉር እንደ ፈረስ ጫማ ዙሪያውን ይቀራል። ሐኪሜ በሰባት ደረጃዎች የተከፈለውን ሥዕል ዘርግታ ሦስተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያም በጠዋትና በማታ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር የሚቀባ 5 በመቶ ሚኖክሲዲልና በቀን አንዴ የሚዋጥ 1 ሚሊ ግራም ፊናስቴራይድ አዘዘችልኝ። የመጀመሪያው ለደም ግፊት የተሠራ መድኃኒት ሲሆን፣ ታካሚዎቹ ያላሰቡት ቦታ ሁሉ ፀጉር ሲያበቅሉ የታየ ነው፤ ከረጢቱን ወደ ዕድገት ይገፋዋል እንጂ ሆርሞኑን አይነካም። ሁለተኛው ለፕሮስቴት የተሠራ ነው፤ ኢንዛይሙን በመከልከል በደም ውስጥ ያለውን ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን በ70 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። አንዱ ጎትጓች፣ ሌላው ዘብ ነው ማለት ነው።

በሁለተኛው ወር ፀጉሬ ከበፊቱ ብሶ መርገፍ ጀመረ። መታጠቢያ ቤት የውሃ መውረጃው ተደፈነ። ባልደረቦቼ «ወንድሜ፣ ይሄ መድኃኒት ሊገድልህ ነው፤ ተወው» አሉኝ፤ ምክራቸው ከልብ ነበር፤ ብዙ ሰውም የሚያቆመው በዚሁ ሳምንት ነው። ሐኪሜ ግን አስቀድማ ነግራኝ ነበር፦ ሚኖክሲዲል አርፎ የተቀመጠውን ከረጢት ሲቀሰቅስ፣ ሊወድቅ ተራ ይጠብቅ የነበረው አሮጌ ፀጉር በአንድነት ይለቃል፤ ይህም በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ቦታ ቦታው እየተላጠ ክብ የሚሠራ፣ የሚያሳክክ ወይም ቁስል ያለው ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነውና ተመለስ ብላኛለች።

ከዚህ በኋላ ምንም አልሆነም፤ ይህን ለማስረዳት የሚከብደው ለዚህ ነው። በአራተኛው ወር አናቴ ላይ ስስ ለምለም ነገር አየሁ ብዬ ቤተሰቡን ሁሉ ብጠራም፣ እህቴ «መብራቱን አጥፋና እንየው» ብላ ደስታዬን ቀማችኝ። ለካ የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሳሁት ፀጉሬ ርሶ ከአምፖል ሥር ነበር፤ ሁለተኛውን ደረቅ ፀጉር ይዤ በመስኮት ብርሃን። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው በአንድ ቀን ሊያበቅል ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ የፀጉር ርዝመት፣ በየሦስት ወሩ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ትልቁ የፊናስቴራይድ ጥናት የአናት ክፍል ላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወስዶ ፀጉር በፀጉር አስቆጠረ። በአማካይ 876 ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ፊናስቴራይድ የዋጡት ሰዎች፣ ባዶ ክኒን ከዋጡት በ107 ፀጉር በለጡ። ይህ ብልጫ ከአዲስ በቀለው ሌላ፣ ባይዋጥ ኖሮ ይጠፋ የነበረውንም ይጨምራል። ግንባር ላይ የሚገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ጥጎቼም እስካሁን ባሉበት ናቸው። ሚኖክሲዲሉ ደግሞ ለራሴ የነፈገኝን ለጉንጬ አድሎኛል፤ ሳይደርቅ ትራስ ላይ ስተኛ ፊቴን ነክቶት ነው። ፊናስቴራይድን በተመለከተ በጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ የብልት መቆም ችግርና የስሜት መጨለም ይታያል። የእኔ ሰው ይህን የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ አንብባ «ፀጉርህን ወድጄ አይደለም ያገባሁህ» ብላለች። የፕሮስቴት የደም ምርመራ ውጤትንም በግማሽ ያህል ስለሚያሳንሰው፣ ለመርማሪው መንገር ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰባበረውን ክኒን መንካት የለባትም። መቀባቱ ሲቆም ትርፉ በወራት ውስጥ፣ መዋጡ ሲቆም ደግሞ በዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ይጠፋል።

ዓመቱ ሲሞላ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ መስታወቷን ከፍ እንዲያደርጋት ጠየቅኩት። ፀጉር አስተካካዬ ፊቴን ሰርቆ አየ፤ ከዚያም በጣም በጥንቃቄ፣ «ጋሼ፣ እንደነበረ ነው» አለኝ። ተነስቼ አቀፍኩት፤ ያልገባው እሱ ብቻ ነበር።