በረከት ያደረባት ብልቃጥ

አንድ ብልቃጥ የልጆች አሞክሳሲሊን ስንት ልጅ ያድናል? ፋርማሲ ያለችውን ልጅ ብትጠይቋት «አንድ» ትላለች። ገና ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች! እኛ ሰፈር አንዷ ብልቃጥ የቤቱን ልጆች በሙሉ፣ የጎረቤትን ሕፃንና ጥርሱን ያመመውን አጎት ጭምር አስተናግዳለች። ይሄም ሆኖ አላለቀችም። ቡፌው ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶ ጀርባ፣ ቆማለች።

ይህን ሙያ እስካሁን ማንም አለማመስገኑ ያሳዝናል። እስቲ እኔ ላመስግን።

ከአበጣበጡ እንጀምር። የፋርማሲዋ ልጅ ብልቃጡን ስትሰጥ ወሬ ታበዛለች። «እህቴ፣ መጀመሪያ ብልቃጡን መታ መታ አድርገሽ ዱቄቱን አላቅቂው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብልቃጡ ላይ ካለው መስመር ዝቅ አድርገሽ ጨምሪና በደንብ ናጪው። አረፋው እስኪወርድ ጠብቂ። ከዚያ ልክ እስከ መስመሩ ሙይና እንደገና ናጪው።» ለአንዲት ብልቃጥ ውሃ ሁለት ጊዜ! ባለሙያዋ እናት ግን ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ ትንፋሽ ትገላገለዋለች። እስከ አንገቱ ትሞላለች። ውሃው ፈልቷል ወይ ካላችሁ፣ ፈልቷል። እንዲያውም ገና እንፋሎቱ እየወጣ ነው። መድኃኒቱ ሙቀት እንደማይወድና ቶሎ እንደሚበላሽ የሚያወሩት ብርድ የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

እስከ አንገት የመሙላትን ጥቅም በቁጥር ላሳያችሁ። ካርቶኑ ላይ 125 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር ይላል፣ ተበጥብጦ 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እንግዲህ ብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት በጠቅላላ 2500 ሚሊግራም ነው። ውሃ ቢበዛም ቢያንስም ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። እናታችን መስመሩን አልፋ 125 ሚሊ ሊትር ካደረሰችው፣ በአንድ ማንኪያ የሚገባው 100 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ማንኪያ አንድ አምስተኛው ተቆጠበ ማለት ነው። ባክቴሪያውም በዚህ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

አባት ሲበጠብጥ ደግሞ ቤቱ ሌላ ጥበብ ያያል። ውሃ ጨምሮ ይንጣል፣ አረፋው ሽቅብ ወጥቶ መስመሩ ላይ ይደርሳል፣ «በቃ ሞላ» ብሎ ይከድናል። አረፋው ሲወርድ ፈሳሹ ከመስመሩ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። 80 ሚሊ ሊትር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ያው 5 ሚሊ ሊትር አሁን ከ150 ሚሊግራም በላይ ይዟል። አንደኛው ያቀጥናል፣ ሌላኛው ያወፍራል። ትዳር መተጋገዝ ነው። ሁለቱም ሳይነኩት ብልቃጡ ሥር ተጋግሮ የቀረው ዱቄት ደግሞ ለመጨረሻው ቀን የተቀመጠ ስጦታ ነው። ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ ናጡ የሚባለውን ምክር ያልሰማ ቤት የመጀመሪያ ቀን ቀጭን፣ የመጨረሻ ቀን ወፍራም ያጠጣል። ማንኪያውማ የሻይ ይሁን የሾርባ፣ ከመሳቢያ ቀድማ የወጣችው ናት። ከካርቶኑ ጋር የመጣው መለኪያ ሕፃኑ እንዲጫወትበት ተሰጥቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ፣ ወደ ማስቀመጡ። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ቡፌው ላይ ያለችውን ብልቃጥ አንስታችሁ «ይሄ ነገር አልቆየም?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤቱ እመቤት ፈገግ ትላለች። ብልቃጡን አዙራ ታሳያችኋለች። «ምን ትላለህ ልጄ፣ እስከ 2027 ነው እኮ!» እውነቷን ነው፣ ተጽፏል። ችግሩ ያ ቀን የዱቄቱ ቀን መሆኑ ነው። ውሃ ሲነካው ሌላ ቆጠራ ይጀምራል። ፋብሪካው መድኃኒቱን በዱቄት የሚልከው ውሃ አጥሮት አይደለም። አሞክሳሲሊን ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይፈራርሳል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ለዚህ ነው የተበጠበጠው ብዙ ጊዜ የ7 ቀን ዕድሜ የሚሰጠው። አንዳንዱ ፋብሪካ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ እስከ 14 ቀን ይፈቅዳል። የትኛው እንደሆነ በዚያች በትንንሽ ፊደል በታጨቀች ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ወረቀቷ ግን ካርቶኑ ሲከፈት ቅርጫት ገብታለች።

ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለው፣ ብዙ ሰው ኦግመንቲን የሚለው፣ ከዚህም የባሰ ቀበጥ ነው። ፍሪጅ ካልገባ አይሆንለትም። ፍሪዘር ግን አይደለም፣ በረዶ አይወድም። ሲበላሽ መልኩ ወደ ቢጫ፣ አልፎም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ቢያንስ አመሉን ያሳያል። ብቻውን ያለው አሞክሳሲሊን ግን ጨዋ ነው። ጉልበቱ ቢወርድም ጣዕሙ ያው ጣፋጭ፣ ሽታውም ያው የፍራፍሬ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ቀምሼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚለው የአያት ምርመራ ምንም አይመረምርም። ግን በፍቅር የተደረገ ነው፣ ይመስገን።

የፋርማሲዋ ልጅ ለዚህም መላ አላት። እስክሪብቶ አውጥታ «የተበጠበጠበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ» ትላለች። ሰኞ ከተበጠበጠና ዕድሜው 7 ቀን ከሆነ የሚቀጥለው ሰኞ ይደፋል ማለቷ ነው። ይደፋል! ተርፎ ይደፋል! በዚህ ኑሮ!

አዎ፣ ይተርፋል፤ በረከቱ የሚመጣውም ከዚያ ነው። የስምንት ወሩ ሕፃን 5 ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ ለ5 ቀን ታዘዘለት እንበል። 75 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። 25 ይቀራል። ይህ ሂሳብ ልጁ መድኃኒቱን ከጨረሰ ነው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ለቆት «ድኗል» ከተባለ 70 ይተርፋል። ከሁለት ወር በኋላ የስድስት ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ማሳል ሲጀምር እጅ ወደ ቡፌው ይዘረጋል። የሱ መጠን የሕፃን አይደለም፣ 25ቱ ሚሊ ሊትር ለአንድ ቀን እንኳ አይበቃውም። ሳሉም ጉንፋን ከሆነ የቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ትኩስም ቢሆን አይሰማውም። ዕድሜው ባለፈ፣ በቀጠነና ባነሰ መድኃኒት ያልታዘዘለትን በሽታ ማከም ዝም ብሎ አይገኝም። የልምድ ፍሬ ነው።

ወንድሙ በራሱ ጊዜ ይሻለዋል፣ ጉንፋን አይደል። ምስጋናውን ግን ብልቃጧ ትወስዳለች። በነጋታው ጎረቤት መጥታ «እስቲ ያቺን መድኃኒት አውሺኝ» ትላለች። መቼ ተበጠበጠች ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ ባህል ሊያጠፋ የመጣ ነገር አለ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የአሞክሳሲሊን ክኒን ይሉታል፣ የጤና ኬላ ሠራተኞች ሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን ይሰጡታል። በሰዓቱ የሚፈለገው ክኒን ንጹሕ ውሃ ባለበት ማንኪያ ላይ ይሟሟል፣ ያኔውኑ ይጠጣል። መስመር የለ፣ አረፋ የለ፣ ፍሪጅ የለ፣ የቀን ቆጠራ የለ። የሚያሳዝነው ግን ይህ ክኒን ለማኅበራዊ ኑሮ ደንታ የለውም። ልጁ የታዘዘለትን 5 ቀን ከጨረሰ ቡፌው ላይ የሚቆም፣ ለጎረቤት የሚዋስ፣ ለአጎት ጥርስ የሚሆን ጠብታ አያስቀርም።