አምስት ይቅርታ፣ ዘጠኝ ጥያቄ

የአክስቴ ልጅ የሆነ ነገር ስትፈልግ «ጋሽዬ» ትለኛለች። በደህናው ቀን «አንተ» ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም «ጋሽዬ፣ ተኝተሃል?» ብላ ስትጽፍ ያን ሌሊት በጊዜ እንደማልተኛ ገባኝ።

አካውንታንት ናት። ለድርጅቶች ሠራተኛ የምትፈልግ አንዲት ሪክሩተር በሊንክድኢን ጽፋላታለች። «ሰላም፣ ለአንድ ደንበኛችን ሲኒየር አካውንታንት እየፈለግን ነው። ፍላጎት ካለዎት ልምድዎንና መቼ መጀመር እንደሚችሉ ይጻፉልኝ፤ ሲቪዎንም ይላኩልኝ።» በቃ፣ ይኸው ነው። የእኛ ልጅ ግን ሦስት ቀን አምጣ ይህን ወለደች፦

«ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውድ ጊዜዎን ስለምሻማም ይቅርታ። በዘርፉ የተወሰነ ልምድ አለኝ፤ የተለያዩ ሥራዎችንም ሠርቻለሁ። በቅርቡ መጀመር እችላለሁ። ይቅርታ ጥያቄ ካላበዛሁ፣ ደመወዙ ስንት ነው? ኔት ነው ግሮስ? ድርጅቱ ማን ነው? ቢሮው የት ነው? ሰርቪስ አለው? ቅዳሜ ይሠራል? ቋሚ ነው ኮንትራት? ሜዲካል አለው? የዓመት ፈቃዱ ስንት ቀን ነው? በድፍረት ስለጠየቅሁ ይቅርታ። ከማያስቸግራችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ ካስቸገርኩም ይቅርታ።»

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«የሴትዮዋን መኪና ገጭተሻል እንዴ?» አልኳት።

አምስት ይቅርታ ቆጥሬያለሁ። በዚህ ብዛት እኮ ሽማግሌ ተልኮ የተጣላ ባልና ሚስት ይታረቃል። የሠራችው ጥፋት ሦስት ቀን መዘግየት ብቻ ነው፣ እሱም አንዲት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የቀሩት አራቱ ጥፋት የሌላቸው ይቅርታዎች ናቸው። ችግራቸው ትሕትና መሆናቸው አይደለም። አንባቢዋ ሳታስበው «ይህች ልጅ ምን አጥፍታ ይሆን?» ብላ መጠርጠር ትጀምራለች። እኔም ለዓመታት የሰው ኃይል ክፍል ተቀምጬ እንዲህ ያለ መልእክት ሳነብ፣ መጀመሪያ የምፈልገው የተደበቀውን ነገር ነበር። ጊዜዋን የተሻማቻት ደግሞ ሪክሩተሯ ናት፣ መጀመሪያ የጻፈችው እሷ ነቻ!

«ታዲያ ሁሉንም ላውጣው?» አለችና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ረቂቅ መጣ። «ደመወዙን ያሳውቁኝ። የድርጅቱን ስም ይላኩ።» ይሄ ደግሞ የውዝፍ ኪራይ ማስጠንቀቂያ ነው። በር ላይ ተለጥፎ ማኅተም ብቻ ይጎድለዋል።

መካከሉ በቋንቋችን ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል እኮ። «ያሳውቁኝ» ትእዛዝ ነው። «ቢያሳውቁኝ» ስትይ ግን «ቢ» ብቻዋን ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳልሻለች። ከእሷ በላይ ይቅርታ መደራረብ ጋቢ ላይ ካፖርት መልበስ ነው። ሌላም ነገር አይቻለሁ። ረቂቁ «ጊዜዎን» ብሎ ጀምሮ «ከማያስቸግራችሁ» ላይ ይደርሳል። አንዷ ሪክሩተር በመሀል መንገድ ማኅበር ሆነች። በ«እርስዎ» የጻፈችልሽን በ«እርስዎ» መልሺ፣ እስከ መጨረሻው።

ቀጥሎ «የተወሰነ ልምድ»። ስንት ነው የተወሰነ?

«አራት ዓመት።»

«የተለያዩ ሥራዎችስ?»

«ኧረ ብዙ ነገር ነው ጋሽዬ፣ የወር መዝጊያ አለ፣ የባንክ ሪኮንሲሌሽን አለ፣ ቫት ዲክላሬሽን እኔ ነኝ የምሠራው፣ የ60 ሰው ፔይሮል አለ፣ ፒችትሪ ላይ…»

ይህንን ሁሉ ተሸክማ ነው «የተለያዩ» ብላ ያለፈችው። ሪክሩተሯ እጅ ላይ ደንበኛው የሰጣት ዝርዝር አለ፣ እሱ ላይ «ፔይሮል» የሚል ካለ ዓይኗ የሚፈልገው ያንን ቃል ነው። «የተለያዩ» የሚል ደግሞ የትም ዝርዝር ላይ የለም። አንድ መፈተኛ ነገርኳት፦ ዓረፍተ ነገሩን ጎረቤትሽ ነርሷ፣ ወይም ሰፈር ያለው ጋራዥ መካኒኩ፣ ምንም ሳይቀይሩ መላክ ከቻሉ ያንቺ አይደለም።

«በቅርቡ»ም ያው ነው። እኛ አገር በቅርቡ ማለት ነገም ነው፣ ከፋሲካ በኋላም ነው፣ ለአንዳንድ ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ደግሞ ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እንግዲህ መልሱ በሕግ ተጽፎ ተቀምጦልናል፣ ያንኑ መጻፍ ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ ስንመጣ ተጣላን ማለት ይቻላል። «ሁሉም አስፈላጊ ናቸው!» አለች። አልካድኩም። ግን ዘጠኝ ጥያቄ በአንዴ የደረሰው ሰው በጣም የቀለለውን መርጦ ይመልስና የሠራ ይመስለዋል። «ቢሮው ቦሌ ነው» ትልሻለች፣ ስምንቱ መሬት ይቀራሉ። አንዳንዷ ደግሞ «በኋላ ተረጋግቼ እመልሳለሁ» ብላ ታስቀምጠዋለች፣ ያ በኋላ አይመጣም። ስለዚህ የምትጠይቂው መልሱ መጥፎ ከሆነ ነገሩን የሚያስተውሽን ብቻ ነው። ሰርቪስ ስለሌለው ትተዪዋለሽ? «አይ።» የዓመት ፈቃዱ ቢያንስስ? «እሱም አይ፣ በኋላ እጠይቃለሁ።» ደመወዙ? «እንዴ!» ሁለት ቀሩ፦ ደመወዙና ቋሚነቱ። ኔት ወይስ ግሮስ የሚለውንም እዚያው ደመወዙ ውስጥ «በግሮስ» ብለን ከተትነው። ግብሩንና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮውን ከሌላ ሰው ይልቅ የፔይሮል ሠራተኛ ራሷ ብታሰላው ይሻላል።

የድርጅቱ ስም ግን ለየት ይላል። አገናኞች መጀመሪያ ላይ አይናገሩም፣ ሰው በጎን ሄዶ ራሱ እንዳያመለክት ይፈራሉ። እሺ፣ ይፍሩ። ግን ስሙን ሳታውቂ ሲቪሽ ለደንበኛው ከተላለፈና ደንበኛው አሁን የምትሠሪበት መሥሪያ ቤት ሆኖ ከተገኘስ? አለቃሽ ጠዋት ቡና ይዞ የልጅቷን ሲቪ ሲከፍት አስቢው። ስልኩ ውስጥ ዝም አለች። ይህን በጥያቄ ሳይሆን በቅድመ ሁኔታ አስገባነው። እኩለ ሌሊት ላይ እንዲህ ሆነ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራው ላይ ፍላጎት አለኝ። በአካውንታንትነት 4 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የወር መዝጊያ፣ የባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ የቫት ዲክላሬሽንና የ60 ሠራተኞች ፔይሮል በፒችትሪ እሠራለሁ። ከተስማማን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዬን ሰጥቼ እጀምራለሁ። ደመወዙ በግሮስ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነና ቅጥሩ ቋሚ ይሁን ኮንትራት ቢነግሩኝ። ሲቪዬን አያይዣለሁ፤ ለደንበኛዎ ከማስተላለፍዎ በፊት ግን የድርጅቱን ስም ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።»

አንዲት ይቅርታ፣ ሁለት ጥያቄ። «ደረቅ አልሆነም?» አለች። አልሆነም። «"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ልጨምርበት?» ተይው። «ኢሞጂስ?» ተኚ!

ላከችው። መብራት አጥፍቼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ በራ።

«ጋሽዬ ሲቪውን ሳላያይዝ ላክሁት 😭 አሁን ይቅርታ ማለት ይቻላል?»

«አሁን ይቻላል» አልኳት። «አንድ ብቻ።»