ስሙ አንድ፣ ግቢው ሁለት

«ሁለቱም ያው አንድ ትምህርት ቤት ናቸው እኮ። ስማቸው አንድ፣ ዩኒፎርማቸው አንድ። ለቤታችን በሚቀርበው ባስመዘግባት ምን ልዩነት ያመጣል?»

ብዙ ያመጣል። አርማና ዩኒፎርም በአንድ ሳምንት ይባዛሉ። ጥሩ ርዕሰ መምህርና ልምድ ያላቸው መምህራን ግን አይባዙም። አንዳንዱ ቅርንጫፍ እንዲያውም የሌላ ባለቤት ነው፤ ስሙን ብቻ በውል ወስዶ ይሠራበታል። ይህን ለማወቅ የሁለቱንም ግቢ ደረሰኝ አይቶ ማመሳከር ጥሩ ነው። የድርጅቱ ስም ወይም የግብር ከፋይ ቁጥሩ ከተለያየ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ቅሬታ ሲኖር የሚመልሰው የትኛው ቢሮ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን በር ላይ የሚሰቀለው ባነር ነው። «የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በሙሉ አለፉ» ይላል። ባነሩ የተሰቀለው ከተከፈተ አራት ዓመት በሆነው፣ ገና እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ በሚያስተምረው ግቢ ላይ ነው እንበል። እዚያ ግቢ አንድም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተቀምጦ አያውቅም። ውጤቱ የነባሩ ግቢ ነው። ውሸት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ወላጅ የሚረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን በየቅርንጫፉ ለይተው ቢያወጡ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልኖረ ነበር። እስከዚያው ድረስ «ከዚህኛው ግቢ ስንት ተማሪ ተፈተነ?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ ሥራ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ልጅዎ 6ኛን ስትጨርስ ወደ ዋናው ግቢ ትዛወራለች።» ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ልቡ ያርፋል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

እስቲ እናስላው። ነባሩ ግቢ 7ኛ ክፍል ላይ አራት ሴክሽን አለው፤ በእያንዳንዱ 35 ልጅ ቢቀመጥ 140 ቦታ ይሆናል። የራሱ የ6ኛ ክፍል ልጆች 120 ናቸው። የሚቀረው 20 ቦታ ነው። አዲሱ ግቢ ደግሞ 6ኛ ክፍል ላይ ሁለት ሴክሽን፣ 70 ልጆች አሉት። 20 ቦታ ለ70 ልጅ! ከነባሩ ጥቂት ልጆች ቢለቁም 50 አይለቁም። ስለዚህ የመግቢያ ፈተና ይመጣል፣ ወይ ዕጣ፣ ወይ «አዲሱ ግቢ ራሱ 7ኛን ይጀምራል» የሚል ወሬ። ይህ ስሌት ጥበብ አይጠይቅም። የሚያስፈልጋችሁ የሁለቱ ግቢ የሴክሽንና የተማሪ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሬጅስትራሩ ያውቀዋል። ከዚያ አንድ ነገር ጨምሩ። አምና 6ኛን ከጨረሱት ስንቱ ተዛወሩ? በፈተና ነው ወይስ በቀጥታ? ቁጥር ከመጣ ጥሩ። «ችግር የለም፣ እናስተካክላለን» ከተባለ ግን የተነገራችሁ ነገር የለም።

«7ኛን እዚሁ እንጀምራለን» ካሉ ፈቃዱን ለማየት ጠይቁ። በብዙ ቦታ የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው ለስሙ ሳይሆን ለግቢውና ለክፍል ደረጃው ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አድራሻ የዚህ ግቢ ነው? እስከ ስንተኛ ክፍል ይላል? ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ላይም ያው ነው። ለምሳሌ አይቢ የሚባለው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ለታችኛውና ለላይኛው ክፍል ፕሮግራሞቹ ለየብቻ ነው ዕውቅና የሚሰጠው። «ዕጩ ነን» ማለት ደግሞ ገና ዕውቅና አላገኘንም ማለት ነው።

አዲሱ ግቢ የግድ ያንሳል እያልኩ አይደለም። ለትንሽ ልጅ 45 ተማሪ ከታጨቀበት ነባር ክፍል 22 ልጅ ያለበትን አዲሱን እመርጣለሁ፤ መምህሯ የልጅቷን ስም ታውቃለች። ግን መምህሯ ለከርሞም ትኖራለች ወይ? አምና ከነበሩት የክፍል ኃላፊ መምህራን ስንቶቹ ዘንድሮም እንዳሉ ጠይቁ። መልሱን ከቢሮ ብቻ አትውሰዱ። ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት በር ላይ የሚጠብቁ ወላጆች ሳይደባብቁ ይነግሯችኋል።

የዝውውሩ ቃል በቅበላ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ፤ በቀጥታ ይሁን በፈተና ተለይቶ። ሌላው ተራ ስህተት የሚፈጠረው ክፍያው ላይ ነው። ሁለቱ ግቢ አንድ ስልክና አንድ የባንክ ሒሳብ የሚጠቀሙ ከሆነ ክፍያው ወደ ሌላኛው ሊመዘገብ ይችላል። ቅጹ ላይም ደረሰኙ ላይም የቅርንጫፉ ስም መኖሩን ከመስኮቱ ሳትርቁ አረጋግጡ።